«ትልቁን ቁጥር ግዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«መኪና መግዛት ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ማንበብ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሲሲ ማለት ጉልበት ማለት ነው። ባለ 3,000 ሲሲ ከባለ 2,500 ሲሲ ይበልጣል፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ የፈረስ ጉልበት ለፍጥነት ነው፤ ዳገት የሚያወጣው ቶርክ ነው። በሀገራችን መንገድ የፈረስ ጉልበቱን እርሱት፣ ቶርኩን ብቻ እዩ። ለዚህ ነው ናፍጣ ሁልጊዜ የሚበልጠው። ሦስተኛ፣ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር አይዋሽም፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ትልቁን ግዙ። አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ ስለሌለው ከቤንዚን መኪና ጋር ማወዳደር አይቻልም።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። መኪና ለመግዛት የተዘጋጁ ወዳጆቼም «እውነት ነው ወይ?» እያሉ ልከውልኛል። ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስሉኛል። ደላላ የሚለውን ከመስማት ወረቀት ማንበብ ይሻላል ማለታቸውም ልክ ነው። ችግሩ ወረቀቱ የሚነበብበት መንገድ ላይ ነው። በእሳቸው መንገድ ያነበበ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ደካማውን መኪና ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በተራ በተራ ልመልስ። ምሳሌዬ ሁላችንም የምናውቀው ቶዮታ ሃይስ ይሁን። አንድ ዓይነት ቦዲ ላይ የተለያየ ሞተር ተገጥሞለት ስለሚመጣ ለማወዳደር የተመቸ ነው።

ከሲሲው እንጀምር። ሲሲ የሚለካው ቦታን ነው። ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉ የሚጠርጉት ቦታ ተደምሮ ሲሲ ይባላል። 2,500 ሲሲ ማለት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር ያንን ያህል አየር መዋጥ ይችላል ማለት ነው። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ብዙ ነዳጅ ከተቃጠለ ብዙ ጉልበት ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ሁለት ሞተሮች ዘመናቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ነዳጃቸው አንድ ከሆነና ሁለቱም ቱርቦ ከሌላቸው፣ ሲሲው የበለጠው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል።

ቱርቦ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቱርቦ አየሩን አፍኖ በግድ ያስገባል። ስለዚህ ትንሹ ሞተር ከቦታው በላይ አየር ያገኛል። ጸሐፊው የመረጡት ቁጥር ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው። ሃይስ 5ኤል በሚባለው የናፍጣ ሞተር መጥቷል። 2,986 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ የለውም። የሚሰጠው ወደ 95 የፈረስ ጉልበትና 200 ኒውተን ሜትር የማይሞላ ቶርክ ነው። ያው ሃይስ 2ኬዲ በሚባለው ሞተርም መጥቷል። ይሄኛው 2,494 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ አለው። 102 የፈረስ ጉልበትና 260 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ግማሽ ሊትር ያነሰው ሞተር በሁለቱም ቁጥር በልጧል ማለት ነው፤ በቶርክ ደግሞ በሰፊው።

ሲሲው አንድ ሆኖም ጉልበቱ ሊለያይ ይችላል። 2ኬዲ ሃይሉክስ ላይም ተገጥሟል። ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል ኢንተርኩለር ይባላል። ያለ ኢንተርኩለር የመጣው 102 የፈረስ ጉልበት ነው። ኢንተርኩለር የተጨመረለት 120፣ በኋላ የመጣው ደግሞ 144 ነው። የሦስቱም ሲሲ 2,494 ነው። ሊብሬ ላይ ሲሲውን ብቻ ያየ ሰው ሦስቱን መለየት አይችልም። ኮፈኑ ላይ የአየር ማስገቢያ ካለ ኢንተርኩለር እንዳለው ይጠቁማል። ነገር ግን ለጌጥ የሚለጠፍም ስላለ ኮፈኑን ከፍቶ ኢንተርኩለሩን ራሱን ማየት ነው። የሞተሩን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ቶዮታ መኪናው ላይ የሚለጥፈውን የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። የሞተሩ ስምና ሲሲው አብረው ተጽፈውበታል። ዝርዝሩን ስትፈልጉ በዚያ ስምና በመኪናው የምርት ዓመት ፈልጉ። በሲሲ ብቻ ከፈለጋችሁ የሌላ መኪና ቁጥር ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

ይህን ስል ሲሲ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ለቀረጥ በጣም ይጠቅማል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 መኪኖችን የሚከፋፍለው በሲሲ ነው፤ 1,300 እና 1,800 ላይ ድንበር አስምሯል። ሰዉ ሲሲ ሲሲ የሚለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ሌላም ልጨምር። 5ኤልን የሚወድ ሹፌር አልተሳሳተም። ቱርቦ የለውም፣ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው የኮመን ሬል ነዳጅ መስመርም የለውም። ቆሻሻ ናፍጣን ይችላል፣ የሰፈር መካኒክም ይፈታዋል። ይህ ግን የመቻል ጉዳይ ነው። ጉልበት ሌላ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ሰው የሚያምነውና ጸሐፊውም አጥብቀው የያዙት የቶርክ ነገር ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቶርክ የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ሞተሩ ዘንጉን ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚያዞር ይናገራል። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያዞረው ግን አይናገርም። የፈረስ ጉልበት ሁለቱን ያባዛል፤ ጥንካሬውን በዙሩ። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ለዳገት ሌላው ለሜዳ ተብለው የተከፋፈሉ አይደሉም። አንዱ ከሌላው ይወጣል። ስሌቱ ይህ ነው፦ ኒውተን ሜትሩን በደቂቃ ዙሩ አባዙና ለ7,023 አካፍሉ። 2ኬዲ በ2,000 ዙር 260 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ሲሰላ 74 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። 102 የሚለው ቁጥር የሚገኘው ሹፌሩ እስከ 3,600 ዙር ከወሰደው ብቻ ነው።

ዳገት የሚያወጣው የትኛው ነው? እዚህ ላይ የፈረስ ጉልበት ትርጓሜ ራሱ ይመልስልናል። ጃፓኖችና አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ልኬቱ ከመጀመሪያውም የወጣው ከማንሳት ነው። ሰውና ዕቃ የጫነ ሃይስ 3,000 ኪሎ ይሁን። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ይሁን። በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወጡት መኪናው በየሰከንዱ 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው አንድ ሜትር ነው። 3,000 ለ75 ሲካፈል 40 ነው። ለማንሳት ብቻ 40 የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ መድረስ አለበት። የጎማው፣ የንፋሱና የካምቢዮው ብክነት በዚህ ላይ ይጨመራል። ያንኑ ዳገት በ90 ልውጣው ካላችሁ ለማንሳቱ 80 ያስፈልጋችኋል። በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ቶርክ የሚባል ነገር አልገባም። ዳገትን በምን ፍጥነት እንደምትወጡ የሚወስነው የፈረስ ጉልበት ነው።

«ታዲያ ቶርኩስ የት ሄደ?» የሚል ይኖራል። ማርሽ ውስጥ ነው ያለው። በክሪክ መኪና ያነሳ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ክንዱ ቶን ሙሉ አያነሳም፤ ግን እጀታውን ብዙ ጊዜ ስለሚያዞር ያነሳዋል። ማርሽም እንደዚሁ ዙርን ሰጥቶ ቶርክ ይቀበላል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ያለው ቶርክና ጎማው ላይ የሚደርሰው ቶርክ አንድ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ ያለው የሞተሩ ነው፤ መኪናውን የሚገፋው ግን ጎማው ላይ ያለው ነው።

በቁጥር እንየው። ሃይስ 2ቲአር በሚባለው የቤንዚን ሞተርም ይመጣል። 2,694 ሲሲ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ 151 የፈረስ ጉልበት አለው። ቶርኩ 241 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሚገኘውም በ3,800 ዙር ነው። የናፍጣው 2ኬዲ 260 አለው፤ ከ1,600 እስከ 2,400 ባለው ዙር። በጸሐፊው መመሪያ ናፍጣው አሸነፈ። አሁን ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን በአንድ ፍጥነት ዳገት ይውጡ። ናፍጣው በ2,000 ዙር ላይ ነው። የቤንዚኑ ሹፌር ማርሽ ቀንሶ 3,800 ላይ ያስጮኸዋል። በአንድ ፍጥነት እየሄዱ የቤንዚኑ ሞተር 1.9 እጥፍ የሚዞር ከሆነ፣ ማርሹም የሞተሩን ቶርክ 1.9 እጥፍ አብዝቶ ነው ወደ ጎማው የሚያደርሰው። 241 በ1.9 ሲባዛ 458 ይሆናል። ከናፍጣው 260 ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው። በቶርክ የተበለጠው መኪና ጎማው ላይ በሰፊው በለጠ። በፈረስ ጉልበት ብታሰሉትም ያው ነው፤ ቤንዚኑ በዚያ ዙር 130፣ ናፍጣው 74።

ጸሐፊው ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልተነሱም። ያዩት ነገር እውነት ነው። የትኛው ሹፌር ነው ቀኑን ሙሉ ሞተር በ3,800 ዙር ሲያስጮህ የሚውለው? ነዳጅ ይበላል፣ ጆሮም ይበጠብጣል። አብዛኛው ሰው 2,000 አካባቢ ሲደርስ ማርሽ ይጨምራል። በዚያ ዙር ናፍጣው 260 ሙሉውን ሲሰጥ ቤንዚኑ ገና ጫፉ ላይ አልደረሰም። ናፍጣው ማርሽ ሳይቀነስለት ዳገቱን ይይዛል። ፍሪሲዮኑም ሹፌሩም ያርፋሉ። ጭኖ ለሚቆምና ለሚነሳ ታክሲ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቶርክ በዝቅተኛ ዙር መገኘቱ ምቾት ነው፤ እሱን መፈለግ ተገቢ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህን የሚነግራችሁ ግን የቶርኩ መጠን ብቻ አይደለም። ከጎኑ የተጻፈው ዙር ነው። ከ1,600 ጀምሮ የሚገኝ 260 እና በ3,800 የሚገኝ 241 የሁለት የተለያየ ጠባይ ሞተሮች ናቸው። ዙሩን ሳታዩ ቶርክ አታወዳድሩ።

«ናፍጣ ሁልጊዜ» የሚለውን ደግሞ ከላይ ያየነው 5ኤል ያፈርሰዋል። እሱም ናፍጣ ነው። ሲሲው ከቤንዚኑ ይበልጣል፤ ቶርኩ ግን ከቤንዚኑ ያንሳል። ዳገት ላይ የምናደንቀው የአዲሱ ናፍጣ ጉልበት በአብዛኛው የሚመጣው ከቱርቦው ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ የከፍታ ነገር መረሳቱ ነው። ፋብሪካው አልዋሸም። ቁጥሩን የጻፈው ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ብሎ ማስላት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ 23 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው። የሚጎዳው በዋናነት መኪናው ከቆመበት ሲነሳ፣ ቱርቦው ገና ሳይነቃ ነው።

እስቲ ሦስቱን ሃይስ አዲስ አበባ ላይ እናምጣቸው። ቱርቦ የሌላቸውን በ0.77 እናባዛ። ቤንዚኑ 151 የነበረው 116 ይሆናል። ቶርኩ ከ241 ወደ 186 ይወርዳል። 5ኤል ከ95 ወደ 73 ይወርዳል። 2ኬዲ ግን ከ102 እና ከ260 ብዙም አይርቅም። ወረቀት ላይ ቤንዚኑ ናፍጣውን በ49 የፈረስ ጉልበት ይበልጠው ነበር፤ እዚህ ልዩነቱ ወደ 14 ጠበበ። ተረጋግተው ሲነዱ ደግሞ 260 ከ186 ጋር ስለሚጋጠም ናፍጣው ግልጽ ብልጫ አለው። ጸሐፊው በመንገድ ላይ ያዩት ይህንን ይመስለኛል። ምልከታቸው ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። መኪናው ጅቡቲ ወይም ዱባይ ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ያዩ ነበር።

ይህ ከወረቀት አልፎ ኪስ ይነካል። ዱባይ ነድቶ የወደደውን ቱርቦ የሌለው መኪና አዲስ አበባ አስገብቶ «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ መካኒክ ጋ የሚመላለስ ሰው አለ። መርፌ ይታጠባል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ለውጥ የለም። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ቆላ ሲወርድ ጉልበቱ ይመለሳል። ዓባይ በረሃ ላይ በአንድ ጉዞ ይህን ማየት ይቻላል። ድልድዩ ጋ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ደጀን ስትደርሱ ግን ወደ 2,400 ትጠጋላችሁ። ከታች በሦስተኛ ማርሽ የጀመረ ቱርቦ አልባ መኪና ላይኛው ጫፍ አካባቢ ሁለተኛ ሊጠይቅ ይችላል። ቆላ ወርዶም ጉልበቱ ካልተመለሰ ግን ያኔ በእርግጥ ሞተሩ ይታይ።

የመለኪያው ዓይነትም አለ። አንዱ የቤንዚን ሞተር፣ ያው 2ቲአር፣ ቶርኩ በጃፓን ወረቀት 24.6፣ በገልፍ ወረቀት 241፣ በአሜሪካ ልኬት ደግሞ 178 ሆኖ ይጻፋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ጃፓኖቹ በኪሎ ግራም ሜትር፣ አሜሪካኖቹ በፓውንድ ጫማ ስለሚጽፉ ነው። የጃፓኑን በ9.8፣ የአሜሪካውን በ1.356 ብታባዙ ሁለቱም ወደ ኒውተን ሜትር ይመጣሉ። ኪሎዋትን ደግሞ በ1.36 አባዙት፣ የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ትልቁን ቁጥር የመረጠ ሰው እዚህ ላይ ሞተሩን ከራሱ ጋር አወዳድሮ «241 ከ178 ይበልጣል» ሊል ነው።

የመጨረሻው የኤሌክትሪኩ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ሆኗል። ገዢው አዲስ ኤሌክትሪክ ከአሮጌ ቤንዚን ጋር ማመዛዘን አለበት። ሲሲ ባይኖርም ማወዳደር ይቻላል፤ እንዲያውም ይቀላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አይነካውም። ቢዋይዲ ሲገል 55 ኪሎዋት ነው። በ1.36 ሲባዛ 75 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ አጋማሽ ባለ 1.3 ቪትዝ 87 ነው። ወረቀት ላይ ቪትዝ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ግን ቪትዝ ወደ 67 ይወርዳል፣ ሲገል እዚያው 75 ላይ ነው።

ቸኩላችሁ ግን አትፍረዱ፤ ክብደቱም ይቆጠራል። ሲገል በትንሹ ባትሪው 1,160 ኪሎ ያህል ነው። ቪትዝ 1,000 ገደማ። አራት ሰው 280 ኪሎ ብለን እንጫን። ለሲገል 1,440 ለ75፣ ለቪትዝ 1,280 ለ67 ስናካፍል ሁለቱም ለአንድ የፈረስ ጉልበት 19 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ። በሙሉ ጉልበታቸው ሲወጡ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሲነሱ ነው። ሲገል 135 ኒውተን ሜትሩን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል። ቪትዝ 116 የሚሰጠው በ4,400 ዙር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያውም ወደ 90 ወርዶ። መብራት ላይ ሲገል ቀድሞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ቶርኮቹን ራሳቸውን ግን በቀጥታ አታነጻጽሩ፤ ኤሌክትሪኩ አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፣ ቪትዝ ግን ማርሽ ቀይሮ ያበዛዋል።

በኤሌክትሪኩ ወረቀት ላይ አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የቻይና ሰነዶች ብዙ ጊዜ ሁለት ኪሎዋት ይጽፋሉ። አንዱ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ የሚያወጣው ከፍተኛው ነው። ሌላው ሳይግል ረዘም ላለ ጊዜ የሚሰጠው ሲሆን ከመጀመሪያው በጣም ሊያንስ ይችላል። አንዱ ሻጭ ከፍተኛውን፣ ሌላው ዝቅተኛውን ቢነግራችሁ ሁለት የተለያየ መኪና ይመስላችኋል። ኪሎዋቱ ሲነገራችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁና ሁለቱንም መኪና በአንዱ ለኩ።